ዋናውን በር የማያሳዩ ካሜራዎችን ይመለከታል

ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለካሜራ ገጠማ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውሉ መሠረት ያልተገጠሙ ሁለት ካሜራዎች እንዲስተካከሉልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ለሚገኘው ብሎካችን ስምንት ካሜራና አንድ ዲቪአር ገጥማችሁልናል። ከጠቅላላው 148,000 ብር ውስጥ 70 በመቶውን፣ ማለትም 103,600 ብር ከፍለናል። ስድስቱ ካሜራዎች በደንብ ይሠራሉ። ደረጃውንም የመኪና ማቆሚያውንም አጥርተው ያሳያሉ፤ በእነሱ ቅሬታ የለንም። ችግሩ ያለው ዋናው በር ላይ ነው።

ካሜራ እናስገባ ያልነው ደግሞ በዋናነት ለዚሁ በር ብለን ነው። ቦታውን ሊያይ የመጣው ባለሙያችሁ በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ የሚገባ ሰው ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል» ብሎናል። ይህ በቃል ብቻ አልቀረም። ከውሉ ጋር በተያያዘው ንድፍ ላይ 1 ቁጥር ካሜራ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ፣ በ3 ሜትር ከፍታ ተሰቅሎ የእግረኛውን በር እንደሚያሳይ ተጽፏል። 2 ቁጥር ደግሞ የሚገባና የሚወጣ መኪና ሰሌዳ የሚነበብበት ነው።

የሆነው ሌላ ነው። 1 ቁጥር ካሜራ ምሰሶው ላይ ሳይሆን የሕንፃው ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ቴክኒሻኖቻችሁ የሰጡን ምክንያት ገመዱ አላዳረሰም የሚል ነው። ከዚያ በሩ ድረስ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የእግረኛው በር ከጣሪያው ጀርባ ተሸሽጓል። የሚገባው ሰው የሚታየው ጥበቃ ቤቱን ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም ጭንቅላቱ እንጂ ፊቱ አይለይም። የገጠማችሁት 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰፊ ቦታ ለማየት እንጂ ከዚያ ርቀት ፊት ለመለየት አይሆንም። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ማታ ደግሞ ይብሳል። የካሜራው የሌሊት መብራት አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ያርፍና ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ምስሉ መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ ጥቁር ይሆናል። 2 ቁጥርም መኪና መብራት አብርቶ ሲመጣ ሰሌዳውን አያነብም።

ያስከተለውን ልንገርዎ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የአንድ ነዋሪ መኪና ስፖኪዮ በሌሊት ተነቅሎ ተወሰደ። የማቆሚያው ካሜራ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ከጀርባው አሳይቷል። በየት ገባ? ማን ከፈተለት? የበሩን ቀረጻ ስንከፍት ነጭ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያገኘነው። በማግስቱ ጣት ሁሉ ወደ ጥበቃችን ተቀሰረ። እኚህ አባት እዚህ ግቢ ለዓመታት የሠሩ፣ ልጆቻችንን በስም የሚያውቁ ሰው ናቸው። ምናልባት ሌባው በአጥር ዘሎ ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ። እውነቱን የሚያወጣው ያ ካሜራ ነበር። እሳቸው ግን እስካሁን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚውሉት። እኛን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበን ይህ ነው። ገንዘቡም ቢሆን ከጡረተኛ፣ ከተከራይና ከደመወዝተኛ በየወሩ የተዋጣ ነው።

በስልክ ደጋግመን ነግረናችኋል። «ሰው እንልካለን» ትላላችሁ፤ የሚመጣ የለም። አንድ ጊዜ የመጣው ልጅም ካሜራውን በእጁ ትንሽ አዙሮ ሄደ። ጣሪያው ግን ያው እዚያው ነው። ችግሩ የአቅጣጫ ሳይሆን የቦታ ነው።

ስለዚህ 1 ቁጥር ካሜራ በንድፉ ላይ ወደተመለከተው ምሰሶ ይዛወርልን። ገመዱም ለዝናብና ለአይጥ እንዳይጋለጥ በቱቦ ውስጥ ይግባ። 2 ቁጥር ሰሌዳ ሊያነብ በሚችል ይቀየር። ሥራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ የኮሚቴው አባላት ባሉበት ይሞከር። ሰው በእግረኛው በር ሲገባ ፊቱ ሲለይ፣ የመኪናውም ሰሌዳ ሲነበብ ተረክበን እንፈርማለን። ቀሪውን 44,400 ብርም በዚያው ቀን እንከፍላለን። ለማዛወሪያው ተጨማሪ ክፍያ እንደማንከፍል ግን ከወዲሁ ይታወቅልን። ውሉ ላይ ያለውን ሥራ ነው የምንጠይቀው።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሰጥተናል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጠርልን። በጊዜው ካልተስተካከለ ሥራውን በሌላ ባለሙያ አሠርተን ወጪውን እንድትተኩልን በሕግ እንጠይቃለን። ወደዚያ ባንሄድ እንመርጣለን። የቀሩትን ስድስት ካሜራዎች አሳምራችሁ እንደሠራችሁ አይተናልና ይህንንም እንደማያቅታችሁ እናምናለን።

ከዲቪአሩ የተወሰዱ የቀንና የሌሊት ምስሎችን፣ የንድፉን ቅጂና የክፍያ ደረሰኙን አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የብሎኩ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ
ለጥበቃ ክፍል