314 ኪሎ

ደንበኛው የመጣው ጋሼ ለገጠማ ሥራ በወጡበት ቀን ነበር። የፈለገው ክዳን ያለው የውሃ ታንከር ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱም ከፍታውም 1.5 ሜትር፣ ላሜራው ባለ 4 ሚሊ። ወርክሾፑ ውስጥ የነበረው ተለማማጁ ብቻ ነው። ልጁ ብየዳ ላይ እጁ ጥሩ ነው፤ ዋጋ አውጥቶ ግን አያውቅም። ደንበኛ እንዳያመልጥ ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳ።

ስንት ላሜራ እንደሚፈልግ በደንብ አሰበበት። ሻጩ ጋ ያለው 1.5 በ3 ሜትር ነው። ለወለሉና ለሁለቱ ረጅም ጎኖች ሦስት ላሜራ፣ ከእያንዳንዱ 2 ሜትር ይቆረጣል። ለሁለቱ አጭር ጎኖች አራተኛው ለሁለት ይከፈላል። ከሦስቱ የሚተርፉት የ1 ሜትር ቁራጮች ናቸው፤ ሁለቱ ተበይደው ክዳን ይሆናሉ። ይሄን ያህል ማሰብ ለጀማሪ ቀላል አይደለም።

የተሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ብረት የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ ክብደቱን ማወቅ ነበረበት። መሳቢያ ውስጥ አንድ የቆየ ደረሰኝ አገኘ፤ «ላሜራ ባለ 4 ሚሊ፣ 1 ፍሬ፣ 62.8 ኪሎ» ይላል። በአራት አባዛው፣ 251.2 ኪሎ። በዚያ ላይ ዋጋ ቆረጠ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ ለሻጩም ደውሎ አዘዘ።

ላሜራው ሲመጣ ከጎረቤት አንድ ሰው ጠርቶ ለሁለት ሊያወርዱት ሞከሩ። ጫፉ ንቅንቅ አላለም። አራት ሰው ሆነው፣ ጓንት አጥልቀው፣ እያረፉ ነው ያወረዱት። ሾፌሩ የሰጠው ደረሰኝ ላይ 565.2 ኪሎ ተጽፏል። ልጁ ሻጩ ያጭበረበረው መሰለውና ስልኩን አነሳ። በዚህ መሀል ጋሼ ደረሱ።

«አትደውል» አሉት። «መጀመሪያ የቆየውን ደረሰኝ አምጣ።»

አመጣ። ከታች በደቃቁ «1 በ2 ሜትር» ይላል። እሱ ያየው ውፍረቱን ብቻ ነበር። ውፍረቱ አንድ ቢሆንም አንዱ 2 ካሬ ነው፣ ሌላው 4.5 ካሬ።

የ314 ኪሎ ብረት ሒሳብ ወርክሾፑ ላይ ወደቀ። ደንበኛው ላይ ዋጋ ይጨመር እንደሆነ ልጁ በፍርሃት ጠየቀ። ጋሼ «ቃል ሰጥተሃል እኮ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ጠመኔ አንስተው ላሜራው ላይ ጻፉ፦

```
1.5 × 3 × 4 × 7.85 = 141.3
```

«ርዝመትና ወርድ በሜትር፣ ውፍረት በሚሊ። መልሱ ኪሎ ነው።»

«7.85 ከየት መጣ ጋሼ?»

«አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊ ከፍታ ያለው ውሃ ብታፈስ ስንት ሊትር ነው?»

ልጁ አሰበ። «አንድ።»

«አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ብረት ደግሞ ውሃን 7.85 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በቃ። አሉሚኒየም ከሆነ 2.7 አድርገው።»

እኔ እንደሚመስለኝ ቀመሩ በቃል የሚያዝ ነገር ነው፤ ልጁን የጠቀመው የውሃው ጥያቄ ነው። ከየት እንደመጣ ስለገባው፣ ወርዱን በሳንቲም አስገብቶ መልሱ 14,130 ኪሎ ሲሆንበት ራሱ ሳቀና አረመው።

ጋሼ ካሊፐሩን ሰጥተው ጠርዙን አስለኩት። 3.8 ሚሊ መጣ። ትንሽ ልዩነት ነው የሚመስለው፤ በአራቱ ላሜራ ላይ ግን 28 ኪሎ ገደማ ይሆናል። «በሚዛን ከገዛህ የምትከፍለው ለመዘነው ነው። ሻጩ በስሌት ከሸጠልህ ግን የሌለ ብረት ልትከፍል ትችላለህ» አሉት። ይሄኛው ደረሰኝ የተሞላው በስሌት ነበር። አሁን መደወል ትችላለህ አሉት፤ ደወለ። ሻጩ ትንሽ ተከራክሮ በሚዛኑ ልክ ለማስተካከል ተስማማ። ከ314ቱ ላይ ያቺ እንኳን ተቀነሰች።

የሚቀጥለው ሥራ ባለ 6 ሚሊ ሦስት ላሜራ የሚፈልግ ነበር፣ እያንዳንዱ 1.5 በ6 ሜትር። ልጁ ስልኩን ከመንካቱ በፊት ጠመኔውን አነሳ። አንዱ 423.9፣ ሦስቱ 1,271.7 ኪሎ። ወረቀቱን ይዞ ጋሼ ጋ ሄደ።

«የእኛ መኪና የሚጭነው አንድ ቶን ነው» አለ። «ሁለት ጊዜ ይመላለስ ወይስ ትልቅ መኪና እንከራይ?»

ጋሼ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኛ መኪና ላይ ስድስት ሜትሩን የት ታስተኛዋለህ? ትልቁን ተከራይ» አሉት። «ኪራዩን ደግሞ ዋጋው ውስጥ ጨምረህ ነው ለደንበኛው የምትነግረው።»