በጽሑፍ ዝግጅት ላይ ስለተወሰደ የማሽን እገዛ የቀረበ መግለጫ

ይህ መግለጫ «ቦይ መክፈትና መዝጋት፦ ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ዳር አትክልት የሚያለሙ አርሶ አደሮች የውሃ አጠቃቀም ውሳኔ» በሚል ርዕስ ካቀረብሁት ጥናት ጋር አብሮ እንዲታተም እጠይቃለሁ። ጥናቱን ሳረቅ ከኅዳር እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ ChatGPT በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ GPT-4o በተሰኘው ሞዴል ተጠቅሜያለሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ «ለቋንቋ እርማት ብቻ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ የወሰድሁት እገዛ ግን ከእርማት ያለፈ ስለሆነ የቱ ክፍል በማን እንደተጻፈ ለይቼ አስቀምጣለሁ።

በመግቢያው ውስጥ ቦርከና በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርድበትን መንገድና የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ የሚያስተዋውቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች የተረቀቁት በፕሮግራሙ ነው። ነጥቦቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዐረፍተ ነገር አድርጎ ያያያዛቸው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መረጃ ከምንጩ ጋር አመሳክሬ አብዛኛውን አንቀጽ እንደገና ጽፌዋለሁ። የእንግሊዝኛው አጠቃሎም ከአማርኛው የተመለሰው በፕሮግራሙ ሲሆን ያረምሁት እኔ ነኝ። የጥናት ዘዴውና የግኝቱ ክፍሎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሴ ጽሑፍ ናቸው።

አንባቢ በተለይ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው የውይይቱን ክፍል ነው። ግኝቶቼን በአጭሩ ዘርዝሬ ረቂቅ እንዲያወጣልኝ አደረግሁ። የተመለሰው ጽሑፍ ለንባብ የተመቸ ነበር፤ ጥናቱ ከሚያውቀው በላይ ግን ይናገር ነበር። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ አዛውንት አርሶ አደር ማሳቸው ዳር ቆመው «ውሃው ጠቁሮ ሲመጣ ቦዩን እዘጋለሁ፤ ሲጠራ እከፍታለሁ፤ ምን እንዳጠቆረው ግን እኔ አላውቅም» ብለውኛል። እኔም በዝርዝሬ ላይ የውሃው መልክ ሲለወጥ ቦይ እንደሚዘጉ ጻፍሁ። በረቂቁ ውስጥ ይህ «የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙን መበከሉን አርሶ አደሮች አረጋግጠዋል» ወደሚል ተለውጦ መጣ። እኔ የውሃ ናሙና አልወሰድሁም፤ ቤተ ሙከራም አልገባሁም። አዛውንቱም ማንንም አልከሰሱም። ዐረፍተ ነገሩን ሰርዤ በቃላቸው ተካሁት፤ በውይይቱ ውስጥ «ምክንያት» ወይም «ውጤት» የሚሉ አገላለጾችን ሁሉ ከማስታወሻዬ ጋር እያስተያየሁ ያልተደገፉትን አወጣሁ። ስለዚህ በውይይቱ ክፍል የአቀራረቡ ቅደም ተከተልና አንዳንድ ማያያዣ ዐረፍተ ነገሮች ከማሽኑ የመጡ ናቸው፤ የሚቀርበው መከራከሪያና የመደምደሚያው ልክ ግን የእኔ ነው።

የቃለ መጠይቅ ድምፆች፣ የጽሑፍ ግልባጮቻቸውና የመስክ ማስታወሻዎቼ ወደ ፕሮግራሙ አልገቡም። ስም፣ የቀበሌ ስም ወይም የማሳ ቦታ የሚጠቁም ነገርም አልጻፍሁለትም። አርሶ አደሮቹ የፈቀዱልኝ እኔ እንድሰማና ለጥናት እንዳውለው ነው። ንግግራቸው ከአገር ውጭ ባለ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ አልጠየቅኋቸውም፤ እነርሱም አልፈቀዱም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ጉዳይ የሕግ ጉዳይ አድርጎታል፤ ሆኖም አዋጁ ባይኖርም በማሳ ዳር የሰጠሁት ቃል ያስረኛል። በጥናቱ ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ የገቡ ንግግሮች በሙሉ ከድምፅ ቅጂው በእጅ የተገለበጡ ናቸው፤ ማሽን አልነካቸውም።

ምንጭ እንዲፈልግልኝ ፕሮግራሙን አልጠየቅሁም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያልተጻፈን ጽሑፍ እንደተጻፈ አድርገው ሊጠቅሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። በጥናቱ የተጠቀሱትን ሥራዎች ሁሉ ራሴ አግኝቼ አንብቤያለሁ። ሠንጠረዦቹንና ካርታውንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ዓለም አቀፉ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አቋም መሠረት ፕሮግራሙ በደራሲነት አልተመዘገበም፤ ለጻፈው ነገር ሊጠየቅ አይችልምና። ተጠያቂው እኔ ብቻ ነኝ። ከማሽን የመጣ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስሕተት ቢገኝ «የማሽኑ ነው» የሚል መልስ አልሰጥም፤ አርሜ በመጽሔቱ ላይ እንዲወጣ አደርጋለሁ።

ለፕሮግራሙ የሰጠኋቸውን ትእዛዞች፣ የመለሳቸውን ረቂቆችና እኔ ያደረግሁባቸውን ለውጦች ከነቀናቸው አስቀምጫለሁ። የመጽሔቱ አዘጋጅም ሆነ ገምጋሚ ሲጠይቅ አቀርባለሁ። የቃለ መጠይቆቹ ድምፅ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ያለ ተናጋሪዎቹ ፈቃድ ለማንም አይሰጥም።

የጥናቱ ብቸኛ አዘጋጅ
ደሴ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.