የመጨረሻው ቅዳሜያችን፦ ኅዳር 13

ሰላም ጋሼ ታደሰ፣ ሄለን፣ ኪሩ፣ ሙሉዬ፣

ይሄኛው እንደ ሌላ ጊዜው «ነገ 8 ሰዓት፣ ቆሎ ማን ይዞ ይመጣል?» የሚል አጭር መልእክት አይደለም። ሻይ ቀድታችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡልኝ።

እናንተ በየካራክተራችሁ ሆናችሁ፣ እኔ ታሪኩን እየመራሁ በዳይስ የምንጫወተውን ጨዋታችንን ልንጨርሰው ነው። የመጨረሻው ሴሽን ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ነው። እንደተለመደው እኛ ቤት፣ ግን ከሰዓት ሳይሆን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንጀምራለን፤ እስኪመሽም አንነሳም። የመጀመሪያዋን ሴሽን የተጫወትነው ኅዳር 8 ቀን 2016 ነበር፣ ደብተሬ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ሞላን ማለት ነው። በደብተሩ 61 ሴሽን ተጽፏል፣ ይሄኛው 62ኛው ይሆናል።

ለምን አሁን? ሙሉ በኅዳር መጨረሻ ለሥራ ሐዋሳ ትሄዳለች፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአራት ሰው መቀጠል እንችል ነበር፣ አስቤበታለሁ። ግን የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መጨረሻ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አንዱ አንድ ቅዳሜ ይቀራል፣ ከዚያ በዓል ይመጣል፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ማንም «መቼ ነው የምንገናኘው?» ብሎ ሳይጠይቅ ወር ያልፋል፣ ታሪኩም ዋሻ ውስጥ እንደቆመ ይረሳል። የእኛ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። አምስታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ባለንበት ሰዓት ማለቅ አለበት።

የጀመርንበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ? ዳታ የለም፣ ማታ መውጣት የለም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ረጅም ነበር። ዳይስም አልነበረንም። ከ1 እስከ 20 ቁጥር የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች አጣጥፌ እጀታዋ በተሰበረ ሲኒ ውስጥ ከትቼ እያወጣችሁ ነበር የተጫወታችሁት። አንዱን አውጡ፣ አንብቡ፣ አጥፋችሁ መልሱ። ያ መመለሱ ነው ዋናው ነገር። አንድ ጊዜ 20ዋ ወረቀት ሳትመለስ ምንጣፍ ሥር ገብታ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ 20 በሌለበት ሲኒ ተጫወትን። ሙሉ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለመክፈት የግድ 20 ያስፈልጋት ነበር፣ አሥር ጊዜም ሞከረች። በመጨረሻ ጋሼ ታደሰ «ልጆች፣ ይህ ነገር በሒሳብ አይመስለኝም» ብለው ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አንድ በአንድ ቆጠሩ። 19። እውነተኛው ዳይስ በኋላ የሄለን እህት ከውጭ ስትመጣ ይዛልን የመጣችው ነው፤ ባለ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 20 ፊት። ሲኒውን ግን አልጣልኩትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ለኪሩ በተለይ። የኪሩ ካራክተር ጎሹ የሞተበትን ቀን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያንን ሜዳ የሠራሁት ከመንዙ ጓሳ ላይ ነው፤ ሣሩ፣ ጉሙ፣ ጭላዳዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ሜዳውን ዘግተው ለዓመታት የሚያቆዩበት ሥርዓት፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ጎሹ ጋሻውን ይዞ መተላለፊያው ላይ ብቻውን ሲቆም ኪሩ 12 ነበር የሚያስፈልገው፣ 3 ወጣ። እንደ ጌም ማስተር ዳይሱን ከካርቶን ጀርባ ሸፍኜ ብጥለው ኖሮ «ተረፈ» ማለት እችል ነበር። ጠረጴዛው ላይ በግልጽ እንዲጣል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሄለንም በካራክተሯ ሆና ሙሾ ማውረድ ጀመረች፣ እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች። ኪሩ በማግስቱ ደውሎ «አትመልሰው፣ እንደዚያው ይሁን» ሲለኝ ይህ ጨዋታ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ቀን ስላልዋሸሁህ ደስ ይለኛል።

በታሪኩ አሁን ያለንበትን ላስታውሳችሁ። ከተማዋ ብርሃኗ ከተሰረቀ መቶ ዓመት ሆኗል። (ሐሳቡን ከየት እንዳመጣሁት የደብረ ብርሃን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ አፄ ዘርአ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ የወረደበት ቦታ ብለው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበትን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ «ያ ብርሃን ቢሰረቅስ?» ብዬ ነው የጀመርኩት።) እናንተ ዋሻው መሀል ናችሁ። ከኋላችሁ ደጋው አለ፣ ከፊታችሁ ቆላው፣ ጉሙ ከፊት ለፊት እየገባ ነው። በጣርማበር ዋሻ ያለፈ ሰው ያንን ጉም ያውቀዋል። በሩ ተገኝቷል፣ ቁልፉ ሸዋዬ እጅ ላይ ነው። ከበሩ ኋላ ያለውን እኔ አውቃለሁ፤ በሩ ይከፈት አይከፈት ግን አላውቅም። እሱ የእናንተ ውሳኔ ነው፣ ምንም ብትወስኑ ወደ አንድ መንገድ አልገፋችሁም።

ለዝግጅት ያህል፦ ሁላችሁም ሌቭል 12 ግቡ፣ ጉዳታችሁ ሁሉ ተፈውሶ ሙሉ ጤና ይዛችሁ ጀምሩ። ሺታችሁን በእርሳስ አስተካክሉ። ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ዕቃም አንድ በአንድ እዩት፣ በተለይ ለሁለት ዓመት ያልነካችሁትን። ሄለን፣ የሴትዮዋን ማተብ እስካሁን ይዘሻል አይደል? ካርታውን እኔ አመጣለሁ፤ ካላንደር ጀርባ ላይ የሣልነው የመጀመሪያው ካርታ በፕላስተር ተጠግኗል።

ጋሼ፣ የእርስዎ ካራክተር መሪጌታ ዘውዱ እስከዛሬ አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ቆይተዋል፤ ስማቸውን ለምን እንደቀየሩ። እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። ፈቃድዎ ከሆነ ያን ቀን ይንገሩን። ሙሉዬ፣ ካንቺ የምፈልገው እንዳትቀሪ ብቻ ነው። ዕቃ የምትጭኝው ከእሑድ ጀምሮ ይሁን፣ እኛም መጥተን እናሸክምሻለን።

ዋዜማው ኅዳር 12 ነው፣ ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ስለሚያጥን ጠዋት ስትመጡ ጭሱ ገና አይጠፋም። ብርዱንም ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ። ነቢያት ጾም ሰኞ ኅዳር 15 ስለሚገባ እናቴ ዶሮ እሠራለሁ ብላለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷን ስንይዝባት አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንምና አንድ ነገር ይዘን እንግባ። ኪሩ ስኳርና ቡና፣ ሄለን ቆሎ፣ የቀረውን እኔ።

የመጨረሻዋ ዕጣ በዳይስ አትጣልም። ሲኒዋን አውጥቼ አጥቤያታለሁ። ወረቀቶቹ አርጅተዋል፣ የ7ቷ ቁጥር ደብዝዛ ስለነበር ደግሜ ጽፌያታለሁ። ዛሬ ማታ ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ 20ም ናቸው። ጋሼ ግን መጥተው ይቁጠሩልኝ።

ኅዳር 13፣ 3 ሰዓት። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ።

ወንድማችሁ አቤል