መቀናጆ

አያ ጥሩነህ የደረሱት ማክሰኞ ማታ ነው። ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ። ከደባርቅ ወዲህ ያለውን መንገድ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የጨረሱት። ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጋቢያቸው ከአቧራው ብዛት መልኩ ጠፍቷል። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የማር ጀሪካን ይዘዋል። ከኋላቸው ልጃቸው አንዱዓለም ማስረጃዎቹን በፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል።

"አገርህ ሩቅ ነው ልጄ" አሉኝ።

አገሬ አለመሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። ምደባ ሲወጣ የደረሰኝ ወረዳ ነው። ጊዜው ጥር 2006 ነበር፤ ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ። ሥራዬ ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት፣ የቅጥር ባለሙያ። ስሙን ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ፍየሎች ማስታወቂያውን እንዳይበሉት ደግሞ እጠብቃለሁ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለቴ በልተውብኛል።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። እናቴ ስትደውል የማወራው ሲያልቅብኝ "ሁለት መደብ አውጥተናል፣ አንድ መዝገብ ቤት፣ አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት" አልኳት። "መዝገብ ቤት ምን ይጠይቃል?" አለች። የሚጠይቀውን ነገርኳት። አንዱዓለም በሙያ ትምህርት ቤት የተማረው ይኼንኑ ነው፤ ሲኦሲም አልፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞጣ ድንጋይ ሲሸከም ነው የኖረው። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ አውቀዋለሁ።

አያ ጥሩነህ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። የኛን መሬት ያረሱት እሳቸው፣ እኔን ከአንዱዓለም ጋር በአንድ አጎዛ ያሳደጉት እሳቸው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ከሁለት በሬዎቻቸው ቦራን ሸጡት። ገበያ ሲነዱት አንዱዓለም እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝቶት ተመለሰ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ አያ ጥሩነህ የሚያርሱት በመቀናጆ ነው። አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ተቀናጅተው፣ ቀን ተካፍለው።

ያን ማታ ሽሮ ሠራሁ። ስለ ቅጥር አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም ፈርቼ ሌላ ሌላውን አወራሁ።

"ዘንድሮ ከማን ጋር ተቀናጁ?"

"ከጎረቤታችን ልጅ ጋር። ሁለት ቀን የሱ፣ ሁለት ቀን የኔ።" ጣታቸውን ላሱና ሳቅ አሉ። "ዝናቡ ግን ምን እንዳየበት እንጃ፣ ሁልጊዜ በሱ ቀን ነው የሚመጣ።"

ከዚህ በላይ ምን ይበሉኝ?

ጠዋት መኪና ስሸኛቸው ትከሻዬን ያዙኝ። "እኔ ምንም አላልኩህም። ልጁን ብቻ እየው" አሉኝ። ጀሪካኑን እንዲመልሱት ለመንኳቸው። "እናትህ የላከችውን ማር እኔ ምን ብዬ ልመልሰው?" ብለው ተሳፈሩ። እናቴ ቀፎ የላትም።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። የተመዘገበው ሰው 43 ሲሆን መዝገብ ቤቱ ላይ ብቻ 29 ተወዳደረ። ዓርብ ከሰዓት ኃላፊው ቢሮአቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ስመጣ ቤት ያከራዩኝን ሴትዮ ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው፣ በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲዘገይም ከኪሳቸው አበድረውኛል። ይህን የምናገረው ነገሩን ስለሚያከብደው ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

"እንግዳ መጥቶብሃል አሉ" አሉኝ።

ትንሽ ከተማ ነው። ጀሪካኑ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ሳይቀር ሳያውቁ አይቀሩም።

"አዎ፣ አጎቴ ናቸው።"

"ልጁ ይወዳደራል?"

"ተመዝግቧል።"

ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። "አየህ ይበልጣል፣ የባለቤቴ ወንድም ዕቃ ግምጃ ቤቱ ላይ ተመዝግቧል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፈተና ሲሆን ግን ይደነግጣል።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በአንድ በሬ አይታረስም። አንተም አንድ አለህ፣ እኔም አንድ አለኝ። እናቀናጃቸው።"

ቃሉን ከየት አመጡት? ስለ ቦራ ማንም አልነገራቸውም። የገበሬ ልጅ ናቸው፣ በቃ፤ አፋቸው ላይ ያለ ቃል ነው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። "እሺ" አልኩ። "እሺ" ማለት በኛ ቢሮ ብዙ ነገር ነው። መስማማት ሊሆን ይችላል፣ ሰምቻለሁ ሊሆን ይችላል፣ ልውጣ ሊሆንም ይችላል። የትኛውን እንዳልኩ ያኔ ለራሴም አልገባኝም።

የፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም፣ ኮድ ነው። ኮዱና ስሙ ያለበት ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። ጥሩ አሠራር ነው። ችግሩ የእጅ ጽሑፍ ኮድ የለውም።

እሑድ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳርም 17ኛው ወረቀት ላይ ቆምኩ። "በ"ዋ አንካሳ ናት። ቀኝ እግሯ አጭር ነው። እያንዳንዷ "በ" እንደዚያው። ይህችን "በ" ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከብት እየጠበቅን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በከሰል። ድንጋዩ በስተቀኝ ተሰንጥቆ ስለነበር እግሯ ስንጥቁ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ሲያርሙኝ አስተካከልኩት። እሱ እስከ ዛሬ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ብዕሩን ያነሳል።

ከ60 ያገኘው 34 ነው። ማለፊያው 30። ከሱ በላይ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ 51 ነው ያመጣችው፤ መልሷ ጥርት ያለ፣ የተደረደረ። ማን እንደሆነች ያኔ አላወቅሁም። በኋላ ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ መሆኗ ታወቀ።

እስክሪብቶው ቀይ ነው። ጥያቄ 14 የጽሑፍ መልስ ነው፣ ስድስት ነጥብ የሚይዝ፣ እንደ አራሚው እጅ ሊሰፋ የሚችል። አምስተኛው ጥያቄም እንደዚያው። የ51ዷን ደግሞ አንድ ሁለት ቦታ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። የተግባር ፈተናው 40 ነጥብ ነው፣ እሱም በኮሚቴው እጅ። ሒሳቡን ሠራሁት። አልሠራሁትም ብል ውሸት ነው። እዳር ላይ በእርሳስ ደምሬ፣ ቀንሼ፣ ይሆናል አልኩ። ከዚያ በላጲስ አጠፋሁት። የላጲሱ ፍርፋሪ "በ"ዋ ላይ ቀረ። እፍ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ለኮሚቴው ሰብሳቢ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የአጎቴ ልጅ ስለሆነ ራሴን ከእርማቱም ከውሳኔውም አግልያለሁ የሚል። ወረቀቶቹ በሌላ ሰው እንዲታረሙ ጠየቅሁ። የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ ወሰዷቸው። ጥብቅ ሰው ናቸው፣ ለማንም አያዝኑም። ለአንዱዓለም እኔ ከሰጠሁት ሁለት ነጥብ ቀነሱ።

ኃላፊው ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ራስህን አገለልክ" አሉ። "እኔንም አብረህ አገለልከኝ። አሁን እኔ ዝም ብዬ ብቀመጥ ሰው ምን ይላል?"

"እንዲያ አስቤ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ያላሰብከው ነው የሚያስቸግረው።"

ዕቃ ግምጃ ቤቱ "በበጀት ምክንያት" ተሰረዘ። እኔም በሳምንቱ ለቀበሌዎች ክትትል ተመደብኩ፤ በእግር፣ ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት። የመዝገብ ቤቱ ቅጥር ግን ቀጠለ። ልጅቷ ገባች። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሻይ ቤት ስገባ ሰዎቹ ዝም አሉ። በኋላ የቤት አከራዬ ነገሩኝ፤ ከተማው ልጅቷ የኔ ናት እያለ ነው። አንዳንዱ እንደውም ብር ተቀብሏል ብሏል። ስንት እንደተቀበልኩም ተነግሯል። እውነት ቢሆን ኖሮ ለአያ ጥሩነህ አንድ በሬ ይገዛ ነበር።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ማታ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። መብራት ጠፍቷል። አንዱዓለም ከሰሌዳው ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አላወለቀም። ሻማ ለኮስኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ቀኑን ሙሉ ሳስብ ውዬ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

"ራስህን አገለልክ አሉ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ጥበቃው።" ቆየት አለ። "ባትገለል አልፍ ነበር?"

"በፈተናው አራተኛ ነበርክ። ባልገለልም አራተኛ ነህ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

መልስ አልነበረኝም። ማሩን አወጣሁና ዳቦ ቆረስኩ። በላ፤ ዳቦውን እያገላበጠ፣ ቀስ ብሎ። ልጆች ሆነን አንድ ዳቦ ለሁለት ስንካፈል ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ የሚገፋው እሱ ነበር፣ በሁለት ዓመት ቢያንሰኝም።

"14ኛውን ነው የሳትኩት?" አለኝ ድንገት።

"የቱን?"

"ገቢ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ የሚለውን። ለኃላፊው እሰጣለሁ አልኩ።"

"መጀመሪያ ገቢ መዝገብ ላይ ትመዘግበዋለህ። ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ቀኑን ትጽፋለህ። ከዚያ ነው ለኃላፊው።"

"ለምን? የመጣው ለሱ አይደል?"

"ሰጥተኸው ቢጠፋስ? መጥቶ እንደነበር በምን ይታወቃል?"

አሰበበት። ከፌስታሉ ደብተር አወጣና ሻማው አጠገብ ተጠግቶ ጻፈው። "በመጀመሪያ በገቢ መዝገብ..." ብሎ ሲጀምር ሁለቱም "በ" እንደለመዱት አነከሱ።

መስኮቱ ላይ ያለው ስልኬ ጠራ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። አያ ጥሩነህ ናቸው። እጄን ዘረጋሁ፤ ግን አላነሳሁትም። አራት ጊዜ ጠራ። አንዱዓለም ተነስቶ አነሳው።

"አቤት አባዬ... ደህና ነን... በላን፣ ማሩን እየበላን ነው።" ጀርባውን ሰጥቶኛል። "ኧረ ገና አልተለጠፈም። ሥራ በዝቶባቸዋል መሰለኝ... አለ፣ እዚሁ ነው። ተኝቷል፣ ደክሞት።"

ስልኩን መስኮቱ ላይ መለሰና መጥቶ ተቀመጠ። ደብተሩን ወደ ሻማው አስጠጋ።

"እሺ፣ አምስተኛውስ?"