አራተኛው ፋይል

ሰናይት ሊንኩን ያየችው እሑድ ጠዋት ነው። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በፎቶ ብዛት ተቀብሮ ነበር። የእህቷ የሃና ሰርግ ሙሉ ቪዲዮ፣ ስድስት ፋይል፣ 31 ጊጋባይት። ሊንኩ የሚሠራው ለ7 ቀን ብቻ ነው። የተላከው ባለፈው እሑድ ነበር። በቤይሩት ሰዓት ዛሬ ማታ 3 ላይ ይዘጋል።

ደብረ ብርሃን ደወለች። ማንም አላወረደውም።

«እታለም፣ በሞባይል ዳታ ማን ይችለዋል? ደግሞ ሁሌ የሚኖር መስሎን» አለች ሃና። ድምጿ ተሰበረ።

ቪዲዮ አንሺው ጥር ስለሆነ ከሰርግ ሰርግ እየሮጠ ነበር።

«እህቴ፣ ካርዱ ላይ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ። ኮምፒውተሩም ሞልቶብኝ አጥፍቼዋለሁ።»

«አባቴ ሲመርቅ የቱ ላይ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «አራተኛው ላይ።»

አባቷ ስልክ አይወዱም። ጆሯቸው ደክሟል። ስትደውል «ደህና ነኝ ልጄ» ብለው ቶሎ ለእናቷ ይሰጧታል። በ7 ዓመት ውስጥ ከዚያ በላይ ሲናገሩ አልሰማችም።

ወደ ዶራ ሄደች። እሑድ እሑድ አበሻ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው። ከአንድ ሱቅ ሁለት ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ገዛች። አጠገቡ ካለው ኢንተርኔት ቤት 5 ሰዓት ላይ ተቀመጠች። አራተኛውን አስቀደመች። 80 በመቶ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነስቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ፋይሉ ከዜሮ ጀመረ።

ባለቤቱ ፊቷን አይቶ ባትሪ ወዳለው ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወሰዳት። ምሳ አልበላችም። ጓደኞቿ ቡና ጠጪ ብለው ቢደውሉ «ሰርግ ላይ ነኝ» አለቻቸው።

12 ሰዓት ላይ አራቱ ገቡ። ቤት መመለሻዋ 1 ሰዓት ነው። ለማዳም ደውላ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ለመነች። እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ማዳም ዝም አለች፤ ከዚያ «እሺ፣ ግን እንዳታመሺ» አለቻት።

ስድስተኛው ፋይል ያለቀው ለ3 ሰዓት 12 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሁለቱም ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ታክሲ ከመያዟ በፊት ግን አራተኛውን ከፈተችው።

ሃና ጉልበታቸውን ስማ ተንበርክካለች። አባቷ መረቋት። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ የሰው ፍቅር ይስጥሽ።» ሰዉ አሜን አለ። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞር አሉ።

«ይሄ ነገር ይቀዳል? ሰናይት ትሰማዋለች?»

«አዎ አባባ» አለ ቪዲዮ አንሺው።

«እንግዲያው እሷንም ልመርቅ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰናይት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «አሜን» አለች። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አጫወተችው።

አንዱን ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት የምትገባ ጓደኛ አለቻት። ለሃና ታደርስላታለች።