የእጅ ንጽሕና መመሪያ፦ ጅማ ለተመደባችሁ አዲስ ነርሶች

ወደ ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት መታጠቢያው ጋ እንገናኛለን። ሰዓት፣ አምባርና ቀለበት ይወልቃል፤ የጋብቻ ቀለበትም ቢሆን ድርድር የለውም። ጥፍር አጭር ይሁን።

መቼ? ታካሚን ከመንካት በፊት፤ ንጹሕ ወይም አሴፕቲክ ሥራ ከመጀመር በፊት፤ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፤ ታካሚን ከነካችሁ በኋላ፤ በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነካችሁ በኋላ። የመጨረሻው በብዛት ይረሳል፤ የአልጋውን ብረት ይዞ ወደሚቀጥለው አልጋ የሚያልፍ ነርስ አይጠፋም።

ማሳያ
1. እጅን አርጥቦ ሳሙና መቀባት።
2. መዳፍን ከመዳፍ ማሸት።
3. መዳፍን በሌላው እጅ ጀርባ ላይ አድርጎ የጣቶቹን መካከል ማሸት።
4. መዳፍ ለመዳፍ፣ ጣቶችን አጠላልፎ።
5. ጣቶችን አቆላልፎ ጀርባቸውን በተቃራኒው መዳፍ ማሸት።
6. አውራ ጣትን ጨብጦ ማዞር። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሲዘለል የምናየው ይህ ነው።
7. የጣት ጫፎችን መዳፍ ላይ ማሽከርከር።
8. አለቅልቆ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ፎጣ ማድረቅ፤ ቧንቧውንም በዚያው ፎጣ መዝጋት።

ሁሉም በድምሩ 40–60 ሰከንድ ይፈጃል። በአልኮል ከሆነ 20–30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧ ካለው በርሜል ታጠቡ፤ ሳፋ ውስጥ እጅ መንከር አይፈቀድም።

ፈጣን ፈተና
እጃችሁ ላይ ደም ይታያል፤ አልኮል ይበቃል? (አይበቃም፤ ሳሙናና ውሃ።)
ጓንት አወለቃችሁ፤ ቀጥሎስ? (እጅ ማጽዳት።)
ስምንቱን ደረጃዎች ሳይጠየቁ አሳዩ። አንዱን የዘለለ ከመጀመሪያው ይደግማል፤ ዋርድ የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው።