የአሲቲክ አሲድን የመለያየት ቋሚ ከግማሽ ኢኩቫለንስ ፒኤች ማግኘት፦ መግቢያ

ደካማ አሲድ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይለያይም፤ HA ⇌ H⁺ + A⁻ በሚለው ሚዛን ላይ ይቆማል። ሚዛኑ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደላ የሚነግረን የመለያየት ቋሚው ነው፦

Ka = [H⁺][A⁻] / [HA]

የዚህ ሙከራ ዓላማ የአሲቲክ አሲድን Ka መለካት ነው። ናሙናው ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ የተገዛ ነጭ አቼቶ ሲሆን፣ በተጣራ ውኃ አሥር እጥፍ ቀጥኗል። ከዚህ 25 ሚሊ ሊትር ወስደን፣ ከቡሬት 0.1 M ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየጨመርን ፒኤቹን እንመዘግባለን።

ቤዙ የአሲዱን ግማሽ ሲያጠፋ የቀረው አሲድና የተፈጠረው አሲቴት እኩል ይሆናሉ። በቀመሩ ውስጥ [A⁻] እና [HA] ይጣፋሉ፤ የሚቀረው [H⁺] = Ka፣ ማለትም pH = pKa ብቻ ነው። ዘዴውን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ማመን አያስፈልግም፣ የቤዙ ክምችት ትንሽ ቢሳሳትም Kaን አይነካም። አሲዱን በሙሉ የሚያጠፋውን የቤዝ ይዘት፣ ማለትም የኢኩቫለንስ ይዘትን፣ ከፒኤች ኩርባው አንብቦ ለሁለት ማካፈል ይበቃል። ደግሞም ኩርባው እዚያ አካባቢ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ የቡሬት ንባብ በአንድ ሁለት ጠብታ ቢዛነፍ ፒኤቹ እምብዛም አይለወጥም።

ስህተት የሚያሰጋው ከፒኤች ሜትሩ ነው። የ0.1 ፒኤች መዛነፍ Kaን በሩብ ያህል ያዛባል። የደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ በመሆኑ ሜትሩ በፒኤች 4 እና 7 ባፈሮች የሚስተካከለው ባፈሮቹና ናሙናው እኩል ሙቀት ላይ ሲደርሱ ነው። ውጤቱ በ25 °C ከሚታወቀው pKa 4.76 ጋር ይነጻጸራል።